ከቤት ውጭ ለሚደረግ ዝግጅት የመጠባበቂያ ዕቅድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜዳ ላይ ዝግጅት ያሰቡ ሰዎች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ዝናብ ቢመጣስ?» ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «የምትወስኑት እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። አዳራሽ ይዘዋል፣ ጄኔሬተርም ተከራይተዋል፤ የውሳኔ ሰዓት ግን የላቸውም። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ቦታ የሰጠሁት ለሱ ነው። ሌላው ይከተላል።

የውሳኔ ሰዓት ማለት ምን ማለት ነው?

ውጭ እንሁን ወይስ ወደ አዳራሽ እንግባ የሚለው የሚቆረጥበት የመጨረሻ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ «ትንሽ እንጠብቅና እንየው» የሚባል ነገር የለም።

ብዙ ሰው ይህን ሰዓት ሰማይ እያየ ሊወስነው ይፈልጋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱን የሚወስነው ሥራው ነው። ዕቃውን ነቅሎ፣ ጭኖ፣ አዳራሽ ውስጥ እንደገና ለመትከል ስንት ሰዓት ይፈጃል? እንግዳው ከቤቱ ሳይወጣ መልእክት እንዲደርሰው ስንት ሰዓት ቀደም ማለት አለበት? ከሁለቱ የሚበልጠው የእናንተ ሰዓት ነው። ሰማዩ የሚገባው ሰዓቱ ሲደርስ ምን እንደምትወስኑ ለመለየት ብቻ ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚሰላው?

ከመክፈቻው ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ። አንድ ምሳሌ እንያዝ። ዝግጅቱ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀምራል፤ 300 ሰው ተጠርቷል። እንግዶች ከ8፡30 ጀምሮ መግባት ስለሚጀምሩ አዳራሹ በዚያ ሰዓት ዝግጁ መሆን አለበት።

የድምፅ ሙከራ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ተከላው 8 ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት። ተከላው ራሱ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ 6፡30 ሆነ። ዕቃውን ጭኖ ለማድረስ 45 ደቂቃ፤ 5፡45። ሜዳ ላይ የተተከለውን ለመንቀል ሌላ 45 ደቂቃ፤ 5 ሰዓት። አሁን አንድ ሰዓት ጨምሩበት። መኪናው ይዘገያል፣ ገመድ ይጠላለፋል፣ አንድ ሰው ይጠፋል። ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። ስለዚህ የውሳኔ ሰዓታችሁ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ከዝግጅቱ አምስት ሰዓት በፊት ማለት ነው።

አዎ፣ ብዙ ነው። ስነግራቸው ሁሉም ይደነግጣሉ። «በ4 ሰዓት የ9 ሰዓቱን ዝናብ ማን ያውቃል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ግን 7 ሰዓት ላይ ብታውቁትም ልትገቡ አትችሉም።

ሰዓቱን ወደ ዝግጅቱ ማስጠጋት አይቻልም?

ይቻላል። ሰማዩን በመለመን ሳይሆን ሥራውን በማሳጠር። ከላይ ባለው ምሳሌ ሰዓቱን የበላው የድምፁ ዕቃ ነው፤ መንቀል፣ መጫን፣ መትከል። ዓርብ ማታ አዳራሹ ውስጥ አነስ ያለ ሁለተኛ የድምፅ መሣሪያ ቢተከልና ወንበሩም እዚያው ያለ ቢሆን፣ የቀረው ሥራ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ያኔ ሰዓቱን የሚወስነው እንግዳው ይሆናል። ሩቅ ያለው ሰው 7 ሰዓት ላይ ከቤቱ የሚወጣ ከሆነ መልእክቱ 6፡30 ሊደርሰው ይገባል፤ ስለዚህ 6 ሰዓት ላይ ትወስናላችሁ። ሁለት ሰዓት አተረፋችሁ። ለትንበያ ደግሞ ሁለት ሰዓት ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ዘዴ ከወጪ ነፃ ነው። ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አንድ ቅድመ ውሳኔ አድርጉ። ትንበያው በግልጽ መጥፎ ከሆነ የጭነት መኪናው ጠዋት በቀጥታ ወደ አዳራሹ ይሂድ። ተክሎ መንቀል አይኖርም፤ ሠራተኞቹም ይመርቋችኋል። ትንበያው ካልለየለት ግን ውሳኔው እስከ ቅዳሜ ይቆያል።

ትንበያው «40 በመቶ ዝናብ» ሲል ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ቁጥሩን እንረዳው። 40 በመቶ ማለት ቀኑን 40 በመቶ ያህል ይዘንባል ማለት አይደለም። ከከተማው 40 በመቶው ይረጥባል ማለትም አይደለም። በተባለው ጊዜ ውስጥ፣ እናንተ ባላችሁበት ቦታ፣ ሊለካ የሚችል ዝናብ የመጣል ዕድሉ 40 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለ ብዛቱ ምንም አይናገርም። ሁለት ደቂቃ የሚያካፋም ሊሆን ይችላል፤ መድረኩን የሚያጥለቀልቅም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የቀኑን ሳይሆን የየሰዓቱን ትንበያ እዩ። ዝግጅቱ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ከሆነ ከ8 እስከ 12 ያለውን ብቻ ነው የምትፈልጉት። የጠዋት ዝናብ የሚጎዳችሁ መሬቱን ካጨቀየው ነው።

ወሳኙ ነገር ደግሞ መለኪያው ቀድሞ መጻፉ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሰው ተስፋ ይይዘዋል፤ 60 በመቶው «ምንም አይል» ይመስለዋል። እኔ የምጠቀመው ይህን ነው። በዝግጅቱ ሰዓታት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ እንገባለን። ከ30 እስከ 50 ከሆነና መሬቱ አስቀድሞ ረጥቦ ከሆነ እንገባለን። ትንበያው ላይ ነጎድጓድ ከተጠቀሰ በመቶኛውን ሳናይ እንገባለን። የነፋሱ ሽውታ ድንኳኑ ይችላል ከተባለው ልክ ከበለጠም እንገባለን። የእናንተ ቁጥር ከእኔ ሊለይ ይችላል። ብቻ ከቀናት በፊት፣ ልብ ሳይንጠለጠል ይጻፍ።

ነፋስን ለምን ለብቻው አነሳኸው?

ሰው ዝናብን እንጂ ነፋስን ስለማይፈራ ነው። ነፋስ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ የቆመ ድንኳን በ40 ላይ ሌላ ዕቃ ነው። ደግሞ የሚነቅለው አማካዩ ነፋስ አይደለም፤ ድንገተኛው ሽውታ ነው። ትንበያ ላይ ሁለቱ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ ከፍ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። ድንኳን የሚያከራየውን ሰው «እስከ ስንት ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። «ኧረ አትስጉ፣ ጠንካራ ነው» መልስ አይደለም።

ውሳኔውን ማን ይስጥ?

አንድ ሰው። ስሙ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ስልኩ ባይነሳ የሚተካውም ይጻፍ። ኮሚቴ አይሁን። ኮሚቴ ሰማይ ማየት ሲጀምር አንዱ «ደመናው እየሄደ ነው» ይላል፣ ሌላው «ባለፈውም እንዲህ ነበር» ይላል፣ ሰዓቱም ያልፋል። ገንዘብ የከፈለው ሰው ቢሆንም ችግር የለውም፤ ግን የተጻፈውን መለኪያ ይከተል።

ገብተን ከጨረስን በኋላ ፀሐይ ብትወጣስ?

ትወጣለች። በእኔም ደርሷል። 300 ሰው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ብሩህ ሰማይ ሲያይ ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ ይላል። ይሁን። ተመልሳችሁ ውጡ የሚላችሁ ሰው ይኖራል፤ እንዳትሰሙት። ሁለት ጊዜ የተዛወረ ዝግጅት ላይ ማይክ ይጠፋል፣ እንግዳ ይጠፋል፣ ሰዓትም ይጠፋል።

መጠባበቂያ ቦታ ሲመረጥ ምን ይታይ?

«ጓደኛዬ አዳራሽ አለው» መጠባበቂያ ቦታ አይደለም። መጠባበቂያ የሚባለው በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ለእናንተ መያዙ በጽሑፍ የተረጋገጠ ቦታ ነው። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቋችሁም ይጻፍ። ባለቤቱ «እስከ 3 ሰዓት ካልደወላችሁ ለሌላ እሰጣለሁ» ካለና የእናንተ የውሳኔ ሰዓት 4 ከሆነ፣ ቦታ የላችሁም ማለት ነው። ሁለቱን ሰዓት አስታርቁ።

ስፋቱንም ራሳችሁ ለኩ። ወንበር ብቻ በረድፍ ሲደረደር ለአንድ ሰው አንድ ካሬ ሜትር ያህል ያዙ። ክብ ጠረጴዛ ካለ አንድ ተኩልና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለ300 ሰው በወንበር ብቻ 300 ካሬ፣ መድረኩና መተላለፊያው ሲጨመር ከዚያ በላይ ነው። ሜዳ ላይ በጠረጴዛ ያሰባችሁትን አዳራሹ የሚችለው በወንበር ብቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ የምግቡ ነገር ይቀየራል፤ ይህን ቀድማችሁ እወቁት።

ከዚያ ቁልፉ። የሚስቅብኝ ሰው አለ፤ ግን አንድ ጊዜ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ፣ ውሳኔውም በሰዓቱ ተሰጥቶ፣ አዳራሹ በር ላይ 50 ደቂቃ ቆመናል። ቁልፍ የያዘው ሰው ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ስልኩ ዝግ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሁለት ቁልፍ ያዦች ስልክ ሳልይዝ አላድርም፤ በውሳኔው ዋዜማም ለሁለቱም እደውላለሁ። ሌሎቹ ነገሮች ቀላል ናቸው፦ ሶኬቱ የት ነው፣ ስንት ነው፣ በሩ ስፒከር ያስገባል ወይ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው እንዴት ይገባል። አንድ ጊዜ ሄዶ ማየት ይበቃል።

ለእንግዶች እንዴት እንንገር?

መልእክቱን ቀድማችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ጭንቅ ውስጥ የተጻፈ መልእክት ላይ የአዳራሹ ስም ይኖራል፤ ሰዓቱና አቅጣጫው ይረሳል። አጭር ይሁን፦ «የዛሬው ዝግጅት በዝናብ ስጋት ወደ እገሌ አዳራሽ ተዛውሯል። ሰዓቱ አልተቀየረም፣ 9 ሰዓት ነው።» ውጭ የምትቀሩ ከሆነም ላኩ። ዝምታ ካለ ሰው ራሱ ይገምታል፤ ሰማዩን አይቶ የሚቀር ይኖራል።

ምንም ብትልኩ መልእክቱን የማያይ ሰው አይጠፋም። አሮጌው ቦታ በር ላይ አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞ ይቁም፤ ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላም ቢያንስ 45 ደቂቃ ይቆይ። ለተናጋሪዎችና ለመድረክ መሪው ግን መልእክት አይበቃም። ይደወልላቸው፣ «እሺ ሰምቻለሁ» የሚል ድምፅ ይሰማ።

መብራት ቢጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ምንድን ነው?

መጀመሪያ መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ማየት። ቀልድ አይደለም። ዙሪያውን ተመልከቱ። የጎረቤቱ መብራት በርቶ የእናንተ መድረክ ብቻ ከጠፋ ችግሩ የእናንተው ነው፤ ብሬከር ወርዷል። ከልክ በላይ ጭነት ሊሆን ይችላል። ዝናብ ካለ ደግሞ ሳልቫቪታው እርጥበት ያገኘውን መስመር አውቆ ዘግቶት ይሆናል። ያኔ ደጋግማችሁ ወደ ላይ አትግፉት። ሰው እንዳይሞት ነው የወረደው። የረጠበውን ማከፋፈያ ንቀሉ፣ ከዚያ መልሱት።

መብራቱ እውነት ከጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል። በእጅ የሚነሳ ከሆነ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚረሳው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ዲጂታል ሚክሰር እንደ ኮምፒውተር ነው፤ ድንገት ከጠፋ እንደገና እስኪነሳ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፣ ያልተቀመጠ ቅንብርም ይጠፋል። ስለዚህ ሚክሰሩ፣ የገመድ አልባ ማይኩ ተቀባይና የስላይዱ ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። ትልልቆቹ ስፒከሮች ይጥፉ፣ ግድ የለም። እነሱ ኃይል ሲያገኙ ወዲያው ይነሳሉ። በዚያ መሀል መድረክ መሪው በባትሪ የሚሠራ ሜጋፎን አንስቶ «ሁለት ደቂቃ ታገሡን» ይበል። ሜጋፎኑ መድረኩ ሥር ይቀመጥ፤ መኪና ውስጥ አይሁን።

ጄኔሬተሩ ምን ያህል ይሁን?

ጄኔሬተር የሚከራየው በኬቪኤ ነው፤ ዕቃዎቻችሁ የተጻፈባቸው ግን በዋት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኬቪኤውን በ0.8 ብታባዙት ኪሎ ዋቱን ታገኛላችሁ። 10 ኬቪኤ ማለት 8 ኪሎ ዋት ነው።

በምሳሌያችን ድምፁ 3 ኪሎ ዋት፣ መብራቱ 1.5፣ ፕሮጀክተርና ኮምፒውተሮች ሲደመሩ 1 ኪሎ ዋት ይወስዳሉ እንበል። ድምሩ 5.5 ነው። 8 ኪሎ ዋት ለሚችል ጄኔሬተር ሰባ በመቶ ገደማ ስለሆነ ምቹ ነው፤ ከ80 በመቶ በላይ ባይሄድ እመርጣለሁ። አሁን አንድ ሰው ከኋላ ሁለት የውኃ ማፍያዎችን ይሰካል፤ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ዋት። ድምሩ 9.5 ደረሰ፣ ጄኔሬተሩ ተንተባተበና ቆመ። ንግግሩም መሀል ላይ ተቆረጠ። እኔ ባየሁት ሁሉ ድምፅ የሚገድለው ማሞቂያ ነው። የሻዩ መስመር ከጄኔሬተሩ ውጭ ይሁን፤ የጄኔሬተሩ ማከፋፈያ ላይም «ሌላ አይሰካ» ብላችሁ ለጥፉ።

ሁለቱን የኃይል ምንጮች የሚለዋውጠው ቼንጅኦቨር በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይገጠም። ጄኔሬተርን በሶኬት በኩል ወደ ሕንፃው መስመር መስደድ ውጭ ምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሰው ሊገድል ይችላል። ጄኔሬተሩ ደጅ ይቁም፤ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭሱም ወደ ሰው አይንፈስ። ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ነዳጅ የሚጨመረው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ ከመጀመሩ በፊት ሙሉ ይሁን።

ሙከራውንም እውነተኛ አድርጉት። ሞተሩን አስነስቶ «ይሠራል» ማለት ሙከራ አይደለም። ሁሉም ዕቃ በርቶ ሳለ ዋናውን ማብሪያ አጥፉና ድምፅ እስኪመለስ በሰዓት ያዙ።

ተናጋሪው ቢዘገይስ?

«መንገድ ላይ ነኝ» የሚለውን አትመኑ። ይህ ቃል ጫማ እያሠሩም ይባላል። «አሁን የት ደረሱ?» ብላችሁ የቦታ ስም ጠይቁ፤ ቀሪውን መንገድ ራሳችሁ አስሉ።

ተናጋሪው መድረክ የሚወጡት 9፡40 ላይ ነው እንበል። 8፡30 ላይ አንድ ሰው ይደውልላቸዋል። 9፡20 ላይ ግቢው ውስጥ ከሌሉ ቀጣዩ መርሐ ግብር ይቀድማል፣ እሳቸው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። 20 ደቂቃው የዘፈቀደ አይደለም። ከመኪና ወርዶ መድረክ ለመድረስ፣ ማይክ ለመግጠምና ለመተንፈስ ያስፈልጋል። ቀጣዩም ሰው ቀድሞ ሊጠራ እንደሚችል ከዋዜማው ይወቅ፤ በድንገት የተጠራ ሰው ጥሩ አይናገርም።

ስላይዱ አንድ ቀን ቀድሞ እጃችሁ ይግባ። ጨርሰው ባይመጡ መድረክ መሪው አምስት ስድስት ጥያቄ ይዞ ከሌሎቹ ተናጋሪዎች ጋር 20 ደቂቃ ማውራት ይችላል፤ ጥያቄዎቹ ቀድመው ይጻፉ። ለታዳሚው «እየመጡ ነው» አትበሉ። ሁሉም በሩን ማየት ይጀምራል፣ መድረክ ላይ ያለውን ማንም አይሰማም። «መርሐ ግብሩን ትንሽ አሸጋሽገናል» ይበቃል።

ይህ ሁሉ የት ይጻፍ?

አንድ ገጽ ላይ። ከሁለት ገጽ በላይ ከሆነ በዚያ ቀን የሚያነበው የለም። የእኔ ይህን ይመስላል፦

- ቅድመ ውሳኔ፦ ዓርብ 11 ሰዓት። የመጨረሻ ውሳኔ፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ወሳኙ፣ ተተኪው።
- መለኪያዎቹ በቁጥር።
- የአዳራሹ ቁልፍ ያዦች፣ የጭነት መኪናው ሹፌር፣ የድምፅ ባለሙያው፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ስልክ።
- የተጻፉት ሁለት መልእክቶች (ገብተናል፣ ውጭ ነን) እና ማን እንደሚልካቸው።
- ተናጋሪዎች፣ የሚደወልበት ሰዓት፣ ማን በማን ቦታ እንደሚገባ።

ታትሞ ለአምስት ሰው ይሰጥ። ስልክ ላይ ብቻ ያለ ወረቀት ባትሪ ሲያልቅ ይሞታል።

የውሳኔው ሰዓት ካለፈ በኋላ ዝናብ ቢጀምርስ?

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ወደ አዳራሽ መግባት አይደለም። ሦስት ምርጫ አላችሁ፦ ቆም ብሎ መጠበቅ፣ ማሳጠር፣ ማቋረጥ። ካፊያ ከሆነ ሰው ድንኳን ሥር ይሰብሰብና 20 ደቂቃ ጠብቁ። ዝናቡ ከጠነከረ ዋናውን ንግግር ብቻ ይዛችሁ ሌላውን ሰርዙ። የድንኳኑን ጣሪያም ተመልከቱ። አንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 4 ሺህ ሊትር፣ ማለትም አራት ቶን ውኃ ነው። ጨርቁ ረግቦ ውኃ ከቋጠረ ከሥሩ ሰው ያንሱ።

መብረቅ ግን ድርድር የለውም። ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሴኮንድ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ዝግጅቱ ይቆማል። ድንኳን ከመብረቅ አያስጥልም፤ የብረት ምሰሶውን አትደገፉ። ሰው ወደ ሕንፃ ወይም ጣሪያው ብረት ወደሆነ መኪና ይግባ። ስለዚህ ሕንፃው የት እንዳለና 300 ሰው በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ጠዋት በእግራችሁ ሄዳችሁ ለኩ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆጠራል፤ እንደገና ካንጎዳጎደ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ተመልሳችሁ ስትወጡ ድምፁን ከማብራታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያው መሬት ላይ ያሉትን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ይይ። ውኃ ውስጥ የተኛ ማከፋፈያ ካለ ያ መስመር ለዚያ ቀን አበቃለት፤ በቀሪው ብቻ ቀጥሉ።